ብር «ተንሳፈፈ» ሲባል በትክክል ምን ሆነ?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን ከዚህ በኋላ በገበያ እንደሚወሰን አስታወቀ። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ሰኞ ጠዋት ነበር። ገና ቢሮ ሳልገባ አሌክሳንድሪያ የሚኖር ተማሪ ጓደኛዬ ደወለ። «ብር ተንሳፈፈ አሉ። ለእናቴ ዛሬ ልላክ ወይስ ልጠብቅ?» አለኝ። እኔ ኮድ ጸሐፊ እንጂ የኢኮኖሚ ባለሙያ አይደለሁም። ግን ጥያቄው ስላልለቀቀኝ ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ሞከርኩ።

ዶላርም እንደ ሽንኩርት ፈላጊና አቅራቢ አለው። ፈላጊው ከአቅራቢው ሲበልጥ ያንን ክፍተት አንድ ነገር መሸከም አለበት። ሦስቱ ሥርዓቶች የሚለያዩት በዚህ ተሸካሚ ነው።

በቋሚ ተመን ዋጋው አይነካም፤ ክፍተቱን የሚሸከመው የማዕከላዊ ባንኩ የዶላር ክምችት ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አንድ ዶላር በ177.721 ሆኖ ጸንቷል። ይህ የሚሆነው ጅቡቲ ያላትን ዶላር ያህል ብቻ ፍራንክ ስለምታወጣ ነው። እኛም በደርግ ዘመን ሁሉ ዶላርን በ2 ብር ከ7 ሳንቲም አስረን ኖረናል። በ1985 ዓ.ም. በአንድ ጊዜ 5 ብር ሆነ። ቋሚ ተመን ሲሰበር እንደዚህ ነው፤ ለዓመታት የተጠራቀመው በአንድ ቀን ይወጣል።

በተንሳፋፊ ተመን ክፍተቱን የሚሸከመው ዋጋው ራሱ ነው። ፈላጊ ሲበዛ ዶላር ይወደዳል፣ ሲቀንስ ይረክሳል። ዶላርና ዩሮ እርስ በርስ እንዲህ ናቸው።

በመሀል ያለው የሚመራ ተንሳፋፊ ነው። ዋጋው ይንቀሳቀሳል፤ ሲፈጥን ግን ማዕከላዊ ባንኩ ዶላር ሸጦ ያረጋጋዋል። ገደቡም ግልጽ ነው፤ መሸጥ የሚችለው ያለውን ያህል ነው።

የኢትዮጵያ ነገር ግራ የሚያጋባው ከዚህ በኋላ ነው። ከ2016ቱ ውሳኔ በፊት የነበረው ሥርዓት በወረቀት ላይ «የሚመራ ተንሳፋፊ» ይባል ነበር። በተግባር ግን ባንኩ በየቀኑ በሳንቲም እየገፋው ይሄድ ነበር። ዋጋው በበቂ ስላልተንቀሳቀሰና ክምችቱም ስላልበቃ ክፍተቱን የተሸከመው ወረፋ ነው። አስመጪው ኤልሲ ለመክፈት ወራት ይጠብቃል። ወረፋው ያልደረሰው ወደ ጥቁር ገበያ ይሄዳል።

በቁጥር እንየው። በዚያን ሰሞን ባንክ ዶላርን በ57 ብር ገደማ ሲገዛ ጥቁር ገበያው 115 ገደማ ይከፍል ነበር። ጓደኛዬ 300 ዶላር በባንክ ቢልክ እናቱ 17,100 ብር ያገኛሉ። በእጅ ቢልክ 34,500። የ17,400 ብር ልዩነት የት ሄደ? ከባንክ ዶላር በርካሽ ለደረሰው አስመጪ። እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዕቃውን የሚሸጠው በጥቁር ገበያው ሒሳብ ነበር። ዳያስፖራው ባንክን የሸሸው አገሩን ስለጠላ አልነበረም ማለት ነው።

ከውሳኔው በኋላ የባንኮች ዋጋ በመጀመሪያው ቀን ወደ 75 ብር ገደማ ዘለለ። ነሐሴ 1 ቀን ብሔራዊ ባንክ ባካሄደው ልዩ ጨረታ አማካዩ 107.9 ብር ሆነ። በ108 ብንቆጥረው 300 ዶላር በባንክ 32,400 ብር አመጣ። በእጅ መላክ ትርጉም ያጣው ያኔ ነው።

ይህ ግን በነጻ አልመጣም። ክፍተቱ ከወረፋ ወደ ዋጋ ዞረ። ከውጭ ዘመድ የሌለው ጡረተኛ ከውጭ የሚገባውን መድኃኒት በአዲሱ ተመን ይገዛል፤ ደመወዙን ግን በድሮው ብር ያገኛል። እኛ የምንልከው ሲበዛ የእሱ ጡረታ ቀለለ። ስለ ተመኑ ስንከራከር ይህን ሰው ባንረሳ ጥሩ ነው።

ብሔራዊ ባንክ ከዚያ ወዲህም ዶላር በጨረታ ይሸጣል። ስለዚህ ስሙ «በገበያ የሚወሰን» ቢሆንም በተግባር የሚመራ ተንሳፋፊ ነው። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋት የሚሆነው ወደ ድሮው ልማድ ሲንሸራተት ነው፤ ያንን ደግሞ እዚህ ሆነንም ማወቅ እንችላለን። የባንኩና የጥቁር ገበያው ልዩነት ጥቂት በመቶ ከሆነ ዋጋው ሥራውን እየሠራ ነው። ልዩነቱ ወር በወር እየሰፋ የባንኩ ዋጋ ካልተነቃነቀ፣ ወይም ነጋዴ ዘመዶቻችሁ «ዋጋው አለ፣ ዶላሩ ግን የለም» ካሉ፣ ወረፋው ተመልሷል። መግለጫው ምንም ቢል።

ለጓደኛዬ የመለስኩለትም ይኸው ነው። ነገ ስንት እንደሚሆን አላውቅም። እናትህ የቤት ኪራይ ካለባቸው ዛሬ ላክ፤ ከዚያ በኋላ የምትከታተለው ዋጋውን ሳይሆን ልዩነቱን ይሁን።