ኢንትሮፒ የተዝረከረከ ክፍል አይደለም

ይሄ ፖስት ረዘም ይላል፤ ቡና ካለ ይዛችሁ አንብቡት። ነገሩ ፊዚክስ ነው፣ ግን አትሽሹ፤ ከማባዛትና ከማካፈል ያለፈ ሒሳብ የለበትም።

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ቪዲዮ ላከልኝ። አንድ ሰውዬ ነዳጅ የማይፈልግ ጄነሬተር ያሳያል። ማሽኑ ወንዝ ዳር ይቀመጣል፣ ከውሃው ውስጥ ሙቀት ይመጥጣል፣ ሙቀቱን ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይራል፣ ውሃው ትንሽ ቀዝቀዝ ብሎ ይወጣል። አለቀ። ልጁ ከ3 ጓደኞቹ ጋር ብር አዋጥተው ለመስኖ ፓምፕ ሊገዙት ነው፤ ቅድሚያ ክፍያ ላኩ ተብለዋል። "ቲቸር፣ እስቲ ይዩትና ይንገሩኝ" ይላል።

ማጭበርበር ነው ብዬ ጻፍኩለት። መልሱ ግን አፌን አስያዘኝ። "ኢነርጂ አይፈጠርም፣ አይጠፋም ብለው አስተምረውናል። ይሄ ማሽን እኮ ምንም አልፈጠረም፣ ከውሃው ነው የወሰደው። ታዲያ የትኛውን ሕግ ጣሰ?"

ልጁ ልክ ነው። የኢነርጂ ጥበቃን ሕግ አልጣሰም። የጣሰው ሁለተኛውን የቴርሞዳይናሚክስ ሕግ ነው፣ የኢንትሮፒን። ስለ ኢንትሮፒ ደግሞ እኔ ለዓመታት ምን ብዬ አስተማርኩ? "ኢንትሮፒ ማለት መዝረክረክ ነው፤ መኝታ ቤታችሁ ካልጸዳ እየተዝረከረከ ይሄዳል አይደል? እሱ ነው።" ተማሪው ይስቃል፣ እኔም ሰሌዳውን አጥፍቼ ወደ ቀጣዩ ርዕስ እሄዳለሁ። እስቲ አሁን በዚህ ትርጉም ያን ማሽን መርምሩት። ምን ትሉታላችሁ? ምንም! ልጁ ብሩን ሊልክ የነበረው እኔ ቃል ሰጥቼው መመዘኛ ስላልሰጠሁት ነው። እና አቋሜ ይሄ ነው፦ የተዝረከረከ ክፍሉን ምሳሌ ትተን ማካፈልን እናስተምር።

ማካፈሏ ይቺ ናት። አንድ ነገር ሙቀት ሲቀበል ወይም ሲሰጥ፣ የሙቀቱን ልክ በጁል እንወስድና ለዚያ ነገር ቴምፕሬቸር እናካፍለዋለን። ቴምፕሬቸሩ በኬልቪን ነው፤ በሴልሺየሱ ላይ 273 መደመር ነው። የተቀበለ ኢንትሮፒው በዚያ ያህል ይጨምራል፣ የሰጠ ይቀንስበታል። ጀርመናዊው ክላውዚየስ እ.ኤ.አ. በ1865 ኢንትሮፒ የሚለውን ስም ያወጣው ለዚች ለማካፈል ውጤት ነው። ስለ መኝታ ቤት ያነሳው ነገር የለም።

አሁን ወደ ቤት እንግባ። ከእሳት ወርዶ ትንሽ የቆየ አንድ ሊትር ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ አለ እንበል፤ 87 ዲግሪ፣ ማለትም 360 ኬልቪን። ቤቱ 27 ዲግሪ ነው፣ 300 ኬልቪን። (ሆሞሻን ለምታውቁ፣ በበጋ ይሄ ቀዝቃዛ ቀን ነው።) ከማንቆርቆሪያው 3,600 ጁል ሙቀት ወደ ቤቱ ወጣ። ይሄ ያን ውሃ በአንድ ዲግሪ እንኳ አያቀዘቅዘውም፣ ስለዚህ ቴምፕሬቸሮቹ ባሉበት ናቸው ብንል አንሳሳትም።

ማንቆርቆሪያው 3,600 ለ360 ሲካፈል 10 አጣ። ቤቱ 3,600 ለ300 ሲካፈል 12 አገኘ። የወጣውና የገባው ሙቀት እኩል ነው፣ ኢንትሮፒው ግን በ2 ጨመረ። ያው 3,600 ጁል ዝቅ ወዳለ ቴምፕሬቸር ሲወርድ ብዙ ኢንትሮፒ ይዞ ይገኛል። ተገላቢጦሹን አስቡት፦ ቤቱ ሙቀቱን መልሶ ለማንቆርቆሪያው ቢሰጥ ቤቱ 12 ያጣል፣ ማንቆርቆሪያው 10 ያገኛል፣ ጠቅላላው በ2 ይቀንሳል። ሁለተኛው ሕግ የሚለው ጠቅላላው አይቀንስም ነው። ለዚህ ነው ጠረጴዛ ላይ የተረሳ ሻይ ራሱን መልሶ ሲያፈላ አይታችሁ የማታውቁት፤ ኢነርጂው እኮ ቤቱ ውስጥ ሞልቷል።

አሁን ወደ ሞተር። በማንቆርቆሪያውና በቤቱ መካከል ብልህ ማሽን እናስገባ፣ ከ3,600 ጁሉ የተወሰነውን ሥራ እንዲያደርግልን። ማሽኑ ሙቀቱን ሲወስድ ከማንቆርቆሪያው 10 ኢንትሮፒ ቀነሰ። ይቺ 10 አትጠፋም፣ የሆነ ቦታ መከፈል አለባት። ለቤቱ 10 ለመክፈል 10 ጊዜ 300፣ ማለትም 3,000 ጁል ሙቀት መጣል ግድ ነው። ለሥራ የቀረው 600 ጁል ብቻ! የፈለገ ጎበዝ መሐንዲስ ቢመጣ፣ ሰበቃ የሚባል ነገር ባይኖር እንኳ፣ ከ3,600 ጁሉ ከ600 በላይ አያወጣም። 3,000ው ግብር ነው፣ የሚከፈለውም ቀዝቀዝ ላለ ነገር ነው። ወፍጮ ቤት ሄዳችሁ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን በርሜል ውሃ እጃችሁን አስጠግታችሁ እዩት። "ይሄ ሁሉ ሙቀት ለምን ይባክናል?" ብለው የሚጠይቁኝ ተማሪዎች ነበሩ። ከፊሉ በእርግጥ ብክነት ነው፤ ከፊሉ ግን ግብር ነው። ናፍጣ ሲነድ በጣም ስለሚግል ግብሩ ከማንቆርቆሪያው ይሻላል፣ ቢሆንም የተለመደ የናፍጣ ሞተር ከ100 ጁል ወደ ሥራ የሚለውጠው ከ30 እስከ 40 የሚሆነውን ነው።

የወንዙ ማሽን ጋ ደረስን። የወንዙ ውሃ 300 ኬልቪን፣ ዙሪያው ያለው አየርና መሬትም 300 ኬልቪን። ማሽኑ ከውሃው 3,600 ጁል ሲወስድ ከውሃው 12 ኢንትሮፒ ቀነሰ። 12 ለመክፈል 12 ጊዜ 300፣ 3,600 ጁል መልሶ መጣል አለበት። ስንት ተረፈ? ዜሮ። ሰውዬው ውሃው ቀዝቅዞ ይወጣል እያለ ግብሩን የት እንደሚከፍል አላሳየም።

አንዳንዶቻችሁ "ሐይቅ እኮ ላዩ ሞቃት፣ ታቹ ቀዝቃዛ ነው" ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ነጥብ ነው፤ እዚያ ከዜሮ በላይ ይወጣል። ልዩነቱ 5 ዲግሪ ነው እንበል። 12 ኢንትሮፒን ለ295 ኬልቪን ስንከፍል 12 ጊዜ 295፣ 3,540 ጁል እንጥላለን። የምናተርፈው 60 ጁል ነው፣ ከ3,600። እሱም ማሽኑ ፍጹም ከሆነ ነው፤ ውሃውን የሚስበው ፓምፕ ራሱ ይበላዋል።

እኔን በጣም የገረመኝ ግን ከዚህ ቀጥሎ የሠራሁት ሒሳብ ነው። የኛው ክልል ጉባ ላይ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ አለ። ለስሌት እንዲመቸን አንድ ኪሎ ውሃ እዚያ 130 ሜትር ይወርዳል እንበል። የሚሰጠው ኢነርጂ 9.8 ጊዜ 130፣ ወደ 1,270 ጁል ነው። አንድ ኪሎ ውሃን በአንድ ዲግሪ ስናቀዘቅዝ ደግሞ የሚወጣው ወደ 4,200 ጁል ነው። አስተዋላችሁ? ያን ሁሉ ኮንክሪት አፍስሰን፣ ከመጋቢት 2003 ጀምሮ ስንት ዓመት ለፍተን ከአንድ ኪሎ ውሃ የምናገኘው ኢነርጂ፣ ውሃውን በ0.3 ዲግሪ ብቻ ብናቀዘቅዘው ከሚወጣው ጋር እኩል ነው! በኢነርጂ ጥበቃ ሕግ ብቻ የሚያስብ ሰው ግድቡን የሠሩትን "ሞኞች ናችሁ፣ ለምን ውሃውን ትንሽ አታቀዘቅዙትም ነበር?" ቢላቸው አይፈረድበትም።

ልዩነቱ ያለው ኢነርጂው በተያዘበት መንገድ ነው። የሚወርድ ውሃ ሞለኪውሎቹ በሙሉ አብረው ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ፣ ልክ ለሰንደቅ ዓላማ እንደተሰለፈ ተማሪ። ሙቀት ግን ገበያ ነው፤ ሁሉም ይንቀሳቀሳል፣ እየተጋፋ፣ ወደየትም። በመውደቅ የሚገኘው ኢነርጂ ኢንትሮፒ አልተሸከመም፣ ስለዚህ ግብር የለበትም። ጥሩ ተርባይን ከ100 ጁል 90ና ከዚያ በላይ የሚያወጣው ለዚህ ነው። የቀረው በሰበቃ ወደ ሙቀት ይሄዳል፣ ከሄደ በኋላም ገበያው ውስጥ ገብቷልና መልሶ ማሰለፍ የለም።

ግድብ ባይኖር ያ 1,270 ጁል የት ይሄድ ነበር? ከድንጋይ ጋር እየተላተመ ውሃውን በ0.3 ዲግሪ ያሞቀዋል። ዓባይ ሺህ ዘመን ሲያደርግ የኖረው ይሄንኑ ነው። ኢነርጂው አልጠፋም፣ አሞቀና ቀረ። 1,270 ለ300 ሲካፈል ወደ 4.2 ኢንትሮፒ ተፈጠረ። ግድቡ የሚያደርገው ኢነርጂው ወደ ገበያው ሳይገባ በሰልፉ እያለ መያዝ ነው።

ሰልፍና ገበያ ካልኩ ወደ መዝረክረክ ተመለስክ እኮ የሚል ይኖራል። በከፊል እውነት ነው፣ አልክድም። ሞለኪውሎቹ ኢነርጂውን የሚከፋፈሉባቸው መንገዶች በበዙ ቁጥር ኢንትሮፒው ይበዛል፤ መንገዶቹን የመቁጠሩ ሐሳብ ከክላውዚየስ በኋላ የመጣው የቦልትዝማን ነው። ግን የሚቆጠረው የሞለኪውሎቹ ነው እንጂ የካልሲዎቻችሁ አይደለም። ሸሚዛችሁን ብታጥፉትም ብትጥሉትም ቴምፕሬቸሩ ያው ከሆነ ኢንትሮፒው ለወጉ እንኳ የሚጠቀስ ለውጥ የለውም። ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ ውሃ በረዶ ሲሆን ሞለኪውሎቹ በወግ ተደርድረው ይቆማሉ። በመዝረክረክ ትርጉም ከሄድን ሕጉ ተጣሰ ልንል ነው። በማካፈል ከሄድን ግን ፍሪጁ ጀርባ ያለውን ጋለ ያለ ሽቦ ነክተን ግብሩ የት እንደተከፈለ እናውቃለን።

ፈረንሳዊው ካርኖ ሙቀትን ከፏፏቴ ጋር አነጻጽሮ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1824 ነው፤ ሥራ የሚገኘው ሙቀት ከከፍተኛ ወደ ዝቅተኛ ቴምፕሬቸር ሲወርድ ነው ብሎ። ሜዳ ላይ የቆመ ውሃ ተርባይን አያዞርም፣ ዙሪያው እኩል የሞቀ ሙቀትም እንደዚያው። ግድብ ያለበት ክልል ውስጥ እያስተማርኩ ይሄን ምሳሌ ትቼ መኝታ ቤት ውስጥ ስዞር መኖሬ ያሳፍረኛል፣ እውነቴን ነው።

ለልጁ ይሄን ሁሉ በድምፅ መልእክት አስረዳሁትና "ሻጩን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቀው፦ ማሽኑ ሙቀት የሚጥለው የት ነው፣ ያ ቦታስ ስንት ዲግሪ ነው?" አልኩት። ጠየቀው። "ምንም አይጥልም፣ ጥቅሙ እኮ እሱ ነው" አለው አሉ። ብሩ አልተላከም። አሁን አራቱ ልጆች የፀሐይ ፓምፕ ዋጋ እያጠያየቁ ነው፤ አሶሳ ውስጥ የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ።