ዓይኑን የጨፈነው ወንድማችን



በኢፍጧር ፕሮግራማችን ላይ በተነሳነው የጋራ ፎቶ አንድ ወንድማችን ዓይኑን ጨፍኖ ወጣ። ከዝግጅት ክፍላችን አንዱ «ፊቱን ብቻ በዲፊዩዥን እንቀይረው» አለና ሞከርነው። ያየነው ነገር ሐሳባችንን አስቀየረን።

አሠራሩ ኢንፔይንቲንግ ይባላል። ፎቶው ላይ ፊቱ ያለበት ቦታ በብሩሽ ይቀባል፤ የተቀባው ቦታ ማስክ ነው። ፕሮግራሙ ማስኩን በዝብርቅርቅ ነጠብጣብ ይሸፍንና ደረጃ በደረጃ እያጠራ አዲስ ፊት ይስላል። ከማስኩ ውጭ ያለው ምንጣፍ፣ ተምሩ፣ የጎረቤቱ ትከሻ ባለበት ይቀራል። የማን ፊት እንደሚሳል የሚያመለክተው ሌላ ፎቶ ነው፤ እኛ የወንድማችንን የቆየ ፎቶ IP-Adapter በሚባለው መሣሪያ አስገባንለት።

የመጀመሪያው ሙከራ ፊቱን አበላሸው። የተጠቀምንበት ስቴብል ዲፊዩዥን 1.5 ምስሉን በቁመትም በወርድም 8 ጊዜ አሳንሶ ነው የሚሠራው፤ 64 ፒክስል ስፋት የነበረው ፊት 8 ነጥብ ብቻ ሆነ። በ8 ነጥብ ዓይንና አፍንጫ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ፊቱን ከነዙሪያው 128 ፒክስል ቆርጠን ወደ 512 አሳደግነው፣ ሠራንበት፣ መልሰን አሳንሰን ቦታው ላይ አስቀመጥነው። Denoising strength የሚለውን ቁጥር 0.4 ስናደርገው ዓይኑ እንደተጨፈነ ቀረ፤ 0.8 ላይ ተከፈተ።

አማረብን። ኋላ ግን ዶርም አብሮት የሚኖረው ልጅ አይቶ «ጠባሳውስ?» አለ። ቅንድቡ ላይ ያለው ጠባሳ የለም። መሣሪያው ከቆየው ፎቶ ፊቱን ቆርጦ አይለጥፍም፤ የፊቱን መልክ ወደ ቁጥር ለውጦ የሚመስለውን ይስላል። ልናትመው የነበረው ፊት የማንም አልነበረም።

ይህን የሠራነው በአንድ ምሽት ነው። ያው ሥራ የአንዲት እህታችንን ፊት እሷ ባልዋለችበት ቦታ፣ ባለበሰችው ልብስ ላይ ያስቀምጣል። የሚያሳምነውም ፊቱ ሳይሆን ቀሪው ነው፤ ክፍሉ፣ ሰዎቹ፣ ጥላው እውነተኛ ናቸው። ለዚህ ነው «ቦታውን አውቀዋለሁ» ማለት ማስረጃ የማይሆነው። ማስኩ ፊት ላይ ብቻ ከሆነ ጆሮ፣ አንገትና እጅ የመጀመሪያው ሰው ናቸው፤ የቆዳው ቀለም አገጭ ሥር ይለያይ እንደሆነ፣ ብርሃኑ በአፍንጫው ላይና በጎረቤቱ ፊት ላይ ከአንድ ወገን ይመጣ እንደሆነ ተመልከቱ። ፊቱ ብቻ ለስልሶ ሌላው ፎቶ ሻካራ ከሆነም ተጠራጠሩ። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክ ግን ምስሉ ስለሚታመቅ ይህ ልዩነት ሊጠፋ ይችላል፤ ምልክት አለማግኘታችን ፎቶውን እውነት አያደርገውም። ተበዩን የታዘዝነው ወሬ ሲመጣልን ነው፤ እንዲህ ያለ ፎቶም ወሬ ነው። ከማስተላለፋችን በፊት የመጀመሪያውን ፎቶ እንጠይቅ፤ ከሌለ እኛ ጋ ይቁም። የሰው ክብር የሚነካ ከሆነማ እውነት ቢሆንም አናሰራጨው።

ለጋዜጣችንም የወሰንነው ይኸው ነው፦ ብርሃን እናስተካክላለን፣ ፊት አንስልም። የኢፍጧሩ ፎቶ እንዳለ ወጥቷል፤ ወንድማችንም ፈቅዶ ዓይኑን ጨፍኗል።