«ጠፋ» ያለኝ ደንበኛ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 21 ቀን 2022 ሁዴይዳ ያለው የቴሌኮም ሕንጻ በአየር ድብደባ ተመታ። የመን ኔትን የምንጠቀም ሁሉ ለአራት ቀን ያህል ከዓለም ተቆራረጥን። እኔ ኤደን፣ ክሬተር ሰፈር ተቀምጬ 24 ገጽ ከዓረብኛ ወደ አማርኛ ተርጉሜ ጨርሼ ነበር፤ ማስረከቢያው ቀን ደግሞ መስመሩ በተቋረጠበት ማግሥት ነበር። መስመሩ ሲመለስ፣ በ25ኛው ቀን፣ ሥራውን ላክሁ። ደንበኛው ተቀበለና ውሉን ዘጋ። ሥራውን ባገኘሁበት ድረ ገጽ፣ በገጼ ላይ ግን ሁለት ኮከብ ሰጥቶ «ገንዘቤን ይዞ ጠፋ» ብሎ ጻፈብኝ።

ከሁለቱ ኮከብ ይልቅ ያቃጠለኝ ዓረፍተ ነገሩ ነው። እንዲህ ባሉ የሥራ ገጾች ላይ የአንድ ቁርጥ ሥራ ክፍያ ገጹን በሚያስተዳድረው ድርጅት እጅ ይቆያል፤ ብዙውን ጊዜ ደንበኛው ሥራውን ሳያጸድቅ ለሠራተኛው አይለቀቅም። በእጄ ያልገባ ገንዘብ ይዤ እንዴት እጠፋለሁ?

መጀመሪያ የጻፍሁት መልስ ይህንኑ የሚጮህ ነበር፤ አልላክሁትም። አሳድሬ ሳነበው፣ የሰውየውን ሐሳብ ማስለወጥ የምችል አስመስሎኛል። እሱ ግን ወደ ገጼ አይመለስም። መልሴን የሚያነበው ሊቀጥረኝ የሚያመነታ ሌላ ሰው ነው፤ እሱም ማወቅ የሚፈልገው ማን እንደበደለኝ ሳይሆን ነገ በእሱ ሥራ ላይ ምን እንደሚሆን ነው። ስለዚህ እንዲህ አልሁ፦

«ሥራው ሦስት ቀን ዘግይቷል፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከጃንዋሪ 21 እስከ 25 በየመን ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ክፍያው እስኪጸድቅ ድረስ በድርጅቱ እጅ ነበር። ከአሁን ወዲህ ረጅም ሥራን በየክፍሉ አስረክባለሁ።»

መዘግየቱን ያስቀደምሁት እውነት ስለሆነ ነው። የኤደንን መስመር እያወቅሁ ሙሉውን ሥራ ለመጨረሻው ቀን ማቆየቴ የእኔ ጥፋት ነበር። የደንበኛውን ስም፣ ዋጋውንና የሰነዱን ይዘት አልነካሁም፤ የእሱን ምሥጢር አደባባይ ባወጣ፣ ቀጣዩ ደንበኛ ለራሱ ይፈራል።

አንድ ወዳጄ «ለድርጅቱ አመልክተህ አስነሣው» ብሎኝ ነበር። ድርጅቶቹ ግን አስተያየት የሚያነሡት ስድብ፣ ማስፈራሪያ ወይም ከውሉ ውጭ የሆነ ነገር ሲኖርበት እንጂ፣ ሠራተኛው ስላልተስማማበት አይደለም። ገንዘብ መልሼ ኮከብ እንዲጨምር መጠየቅ ደግሞ በትልልቆቹ ገጾች ክልክል ነው፤ አካውንት ሊያዘጋ ይችላል። ያመለከትሁት «ይዞ ጠፋ» ስለሚለው ብቻ ነው፤ ያጸደቀበትን ቀንና ክፍያው የተለቀቀበትን መዝገብ አያይዤ። አላነሡትም። ኮከቦቹም እዚያው ናቸው።

ከሳምንታት በኋላ አንዲት ደንበኛ ጻፈችልኝ፤ መልሴን አንብባ ነበር። ስለ ሁለቱ ኮከብ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። «ሥራውን በስንት ክፍል ታስረክበኛለህ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ በአራት አልኋት።