ማርፈዱ ተጽፏል፤ ምክንያቱስ?

እኔ የክፍል አለቃ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ያረፈደ ተማሪ ስም የምመዘግበው እኔ ነኝ። ዛሬ የምጽፈው የክፍል ኃላፊ መምህር ስለሚያረፍድ ተማሪ ለአስተዳደር ስለሚጽፉት ሪፖርት ነው። አስተያየቴ አንድ ነው፤ ሪፖርቱ ምን እንደተደረገ ብቻ ሳይሆን ከተደረገው ምን እንደተገኘም መናገር አለበት።

ነገሩ የአንድ ጓደኛዬ ነው። እንድጽፈው ፈቅዶልኛል፤ ስሙን ግን አልጠራም። ከገጠር ቀበሌ አንድ ሰዓት ሙሉ በእግሩ እየተጓዘ ነው የሚመጣው። ከኅዳር መጀመሪያ እስከ ታኅሣሥ 10 ድረስ 11 ቀን አረፈደ። መምህራችን ለርዕሰ መምህር ጽሕፈት ቤት ሪፖርት ሲያዘጋጁ ቀኖቹን ከደብተሬ እንድቆጥር አዘዙኝና ረቂቁን አየሁት። የተወሰዱ እርምጃዎች በተራ ተጽፈዋል። አንደኛ፣ ምክር ተሰጥቶታል። ሁለተኛ፣ የቃል ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል። ሦስተኛ፣ ወላጅ እንዲያመጣ ሁለት ጊዜ ተነግሮታል። መጨረሻው ላይ «ሊሻሻል ስላልቻለ አስተዳደሩ ውሳኔ ይስጥበት» ይላል። ውሳኔው ከትምህርት መታገድ ሊሆን ይችል ነበር። ደነገጥኩ፣ ምክንያቱም 11ዱን ምልክት ያደረግሁት እኔው ነኝ።

በእረፍት ሰዓት ደብተሬን ደግሜ አየሁት። መስከረምና ጥቅምት ላይ አንድም ቀን አላረፈደም። በኅዳርም ቢሆን ጭራሽ የቀረበት ቀን የለም። ደመና ሆኖ ባደረባቸው ቀኖች ደግሞ ከሁላችንም ቀድሞ ሰንደቅ ዓላማ ስር ይቆማል! የሚያረፍደው ሰማዩ ጥርት ብሎ ባደረበት ቀን ብቻ ነው። ሰነፍ ተማሪ ደመና እያየ አያረፍድም።

ሄጄ ጠየቅሁት። እኛ መንዞች የምናውቀው ነገር ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማይ ጥርት ብሎ ሲያድር ሜዳው ውርጭ ለብሶ ያነጋል። በግ ውርጭ ያለበትን ሣር ከጋጠ ይታመማል ስለሚባል፣ ፀሐይ ወጥታ ውርጩ እስኪሟሟ ከጋጥ አይወጣም። አባቱ ገብስ አጨዳ ላይ ናቸው፤ ገና በሌሊት ይወጣሉ። እናቱ አራስ ናቸው። ስለዚህ በጎቹን አውጥቶ ለጎረቤት ልጅ የሚያስረክበው እሱ ነው። በዚህ ወቅት ፀሐይም በሰኔ ከምትወጣበት ዘግይታ ነው የምትወጣው። ከቤቱ 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ቢነሳ እንኳ እዚህ የሚደርሰው 2 ሰዓት ከሩብ ነው፤ ትምህርት ደግሞ 2 ሰዓት ይጀመራል።

ወላጅ ለምን አላመጣህም አልኩት። ወረቀቱን ለአባቱ ሰጥቷል። አባቱ ማንበብ አይችሉም፣ እሱም «ትከሰሳለህ ይሉኛል» ብሎ ፈርቶ በትክክል አላነበበላቸውም። ሪፖርቱ ላይ ግን «ወላጅ ተጠርቷል» ነው የሚለው። ተጠራ ማለትና መጣ ማለት አንድ አይደለም! ምክሩም እንደዚሁ ነው። «በጊዜ ተነሣ» ተብሏል፤ እሱ ግን ከኔ በፊት ነው የሚነሣው።

ይህንን ለመምህራችን ነገርኳቸው። እውነት ለመናገር አልተቆጡም። ሪፖርቱን ሳይልኩ አቆዩትና ለአባቱ በአንድ ጎረቤት በኩል የቃል መልእክት ላኩ። አባቱ በማግስቱ መጡ። ከጎረቤት ጋርም ተስማሙ፤ ጠዋት የጎረቤቱ ልጅ የሁለቱንም ቤት በጎች ያወጣል፣ ጓደኛዬ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ሙሉ ቀን የሁለቱንም ይጠብቃል። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሦስት ሳምንታት ያረፈደው አንድ ቀን ብቻ ነው። ሪፖርቱም እንደ አዲስ ተጽፎ ገባ። ምክንያቱ፣ የተደረገውና የተገኘው ውጤት ተጻፈበት፤ «ውሳኔ ይስጥበት» የሚለው ወጣ።

አንዳንዶቻችሁ «እንዲህ ከሆነ ሁሉም ሰበብ ያመጣል» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ መንገድ ላይ ኳስ ሲያይ የሚያረፍድም አለ። እሱንም ቢሆን የሚያጋልጠው መዝገቡ ነው፤ የሱ ማርፈድ ደመናም ውርጭም አይለይም። መምህራንም ብዙ ተማሪ ስላለባቸው ሁሉን እየዞሩ መጠየቅ አይችሉም። ስለዚህ እኛ አለቆች እናግዝ። እስካሁን የምንጽፈው ስምና ቀን ብቻ ነበር። የደረሰበትን ሰዓትና ራሱ የተናገረውን ምክንያት የምንጽፍበት ሁለት መስመር እንጨምር። መምህራን ደግሞ ከእያንዳንዱ እርምጃ አጠገብ «ውጤቱ» ብለው ይጻፉልን።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ? እኔ ከጥር ጀምሮ ደብተሬ ላይ ሁለቱን መስመር አስምሬያለሁ።


ከ7ኛ ክፍል፣ መሐል ሜዳ