«በሙሉው የሚሰጥ ካገኙ ይሂዱ»

ይህን ንግግር ያቀናበርኩት እኔ ነኝ፤ ቃላቱ ግን መርካቶ ውስጥ በየዕለቱ የሚሰሙ ናቸው። ሻጩ ብርድ ልብስ በጅምላ ያከፋፍላል። ገዢዋ ከደሴ የመጣች ቸርቻሪ ናት። ሁለቱም የቫት ተመዝጋቢ ናቸው እንበል።

— ጋሼ፣ ያ ወፍራሙ ብርድ ልብስ አለ?
— ለአንቺ መቼ ይጠፋል፣ እህቴ! ዋጋው ግን የአምናው አይደለም።
— ስንት ገባ?
— ሁለት ሺህ።
— ከነደረሰኙ?
— ደረሰኝማ ይኖራል። በ1,150 እቆርጥልሻለሁ።
— የምከፍለው ሁለት ሺህ አይደል? በሙሉው ቢቆርጡልኝስ?
— እርስዎ ለገበያው አዲስ ነዎት እንዴ? እኔም ከላይ ስቀበል እንዲሁ ነው። በሙሉው የሚሰጥ ካገኙ ይሂዱ፣ አልቀየምም።
— ኧረ እንዲያው ለማወቅ ብዬ ነው። ሃያ ይቁጠሩልኝ።
— እሺ የኔ እህት። በደረሰኙ ልክ በባንክ ታስገቢያለሽ፣ የቀረውን በእጅ።

ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገም፣ ማንም አልተሳደበም። ታዲያ እዚህ ንግግር ውስጥ ማን ማንን አስፈራራ?

ሰውየው «አንቺ» እና «እህቴ» እያለ ቆይቶ ለምን ድንገት «እርስዎ» አለ? አክብሮት ጨምሮላት ነው? ከሆነ «ሃያ ይቁጠሩልኝ» ስትል ለምን ወደ «የኔ እህት» ተመለሰ? አንቱታው የመጣው እሷ ሕጉ የሚሰጣትን በጠየቀች ቅጽበት ነው፤ የሄደውም ጥያቄዋን ስትተው ነው። በእነዚያ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ዝምድናው ተቋርጦ በር ላይ የቆመች እንግዳ ሆናለች። «አልቀየምም» የሚለውስ ለምን አስፈለገ? እሷ ስለ ቅያሜ አላነሳችም። ያላነሳችውን ነገር እሱ ሲያነሳው፣ ቅያሜ እንዳለ ዋጋውም ምን እንደሆነ ነገራት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ዕቃው «ያልቃል»።

የእሷስ «እንዲያው ለማወቅ ብዬ ነው»? እንደ መቀበል የሚቆጥሩት አሉ። እኔ ግን ማፈግፈግ ነው የምለው። ደሴ ያለው ሱቋ ክረምት ሳይገባ መሞላት አለበት፤ ከጎን ያለው ጅምላ ሻጭም ከዚህ የተለየ ነገር እንደማይላት ታውቃለች። «ተስማምታ ነው የገዛችው» ብሎ የሚፈርድባት ሰው የትኛውን ምርጫ አይቶላት ነው?

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ፤ ያልተነገረው ትርጉም ያለው እዚያ ነው። ደረሰኙ 1,150 ሲል ዋጋው 1,000፣ 15 በመቶ ቫቱ 150 ነው ማለት ነው። በእጅ የሰጠችው 850 ብር የትም አልተመዘገበም። ለጭነት በአንድ ፍሬ 100 ብር አወጣች እንበል፤ የጭነቱ ባለቤት ደረሰኝ አልሰጣትም። ስለዚህ ዕቃው ደሴ ሲደርስ 2,100 ፈጅቶባታል። ሕግ አክባሪ ሆና ቫትን ጨምሮ በ2,415 ሸጠች፤ ሙሉ ደረሰኝም ቆረጠች። ከዚህ ውስጥ ቫቱ 315 ነው። በደረሰኟ ላይ ያለውን 150 አቀናንሳ 165 ለመንግሥት ታስገባለች። ወጪዋን ሁሉ ስትቀንስ እጇ ላይ 150 ብር ይቀራል።

ወረቀቱ ምን ይላል? በ1,000 ገዝታ በ2,100 ሸጠች፤ ትርፏ 1,100 ብር ነው ይላል። ለግለሰብ ነጋዴ የገቢ ግብሩ እርከን እስከ 35 በመቶ ይደርሳል። 20 በመቶውን ብንወስድ እንኳ 220 ብር ትጠየቃለች። ያተረፈችው 150፣ የምትከፍለው 220። በሐቅ በሸጠችው በእያንዳንዱ ብርድ ልብስ ላይ 70 ብር ከኪሷ ትጨምራለች።

ታዲያ ይህች ሴት በሚቀጥለው ሳምንት ምን እንድታደርግ ነው የምንጠብቀው? እሷም ለደንበኛዋ አሳንሳ ትቆርጣለች፣ ወይም «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ብላ ትጠይቃለች። ያኔ አጭበርባሪ እንላታለን። ግን የ850 ብሯ ታሪክ ከየት ጀመረ?

«ቫቱ ስለሚከብድ ነው» የሚለው መልስ ቶሎ ይመጣል። እስቲ እንየው። ሻጩ ያንን 850 ብር ደረሰኝ ውስጥ አስገብቶ ቫቱን 127 ብር ከ50 ሳንቲም ቢጨምርባት እሷ ምን ትጎዳለች? ስትሸጥ ከምትከፍለው ቫት ላይ ያንኑ ታቀናንሰዋለች። እሱም ተቀብሎ ያስተላልፋል እንጂ ከራሱ ኪስ አያወጣውም። እንግዲያው የሚሸሸገው ቫቱ ነው ወይስ የሻጩ ትርፍ? የሻጩ ግብር ወደ ቸርቻሪዋ ትከሻ እየተላለፈ ሳለ ነገሩን «እቆርጥልሻለሁ» ብሎ ውለታ አስመስሎ ማቅረብ ለእኔ ደግነት አይደለም።

አንድ ዓረፍተ ነገሩን ግን አላልፈውም፤ «እኔም ከላይ ስቀበል እንዲሁ ነው»። ይህ ማመካኛ ነው ወይስ ምስክርነት? ሁለቱም ነው ባይ ነኝ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር ባንክ ውስጥ 57 ብር ገደማ ሲሆን በጥቁር ገበያ ከዚያ እጅግ በላይ ነበር። በባንክ የተፈቀደለት ዶላር የማይበቃው አስመጪ የዕቃውን ዋጋ በሰነዱ ላይ አሳንሶ ያስመዘግብ፣ ቀሪውን በሐዋላ ይልክ ነበር። ጉምሩክም የሚከፍለው ባሳነሰው ዋጋ ነበር። እንዲህ የገባ ዕቃ በእውነተኛ ዋጋው ደረሰኝ ቢቆረጥለት የአስመጪው ሰነድ ራሱ ያጋልጠዋል። ስለዚህ ያነሰው ቁጥር ከወደብ ጀምሮ እየወረደ ደሴ ይደርሳል። ይህ እውነት ነው። ግን ከላይ የተደረገበትን ወደ ታች ማውረዱ ሻጩን ነጻ ያወጣዋል? ለእሱ አስመጪው ላይ አቤት ማለት ከባድ ከሆነ ለእሷ እሱ ላይ አቤት ማለት ምን ያህል ይቀላል?

ኅዳር 2017 መርካቶ ውስጥ የደረሰኝ ቁጥጥር ሲጠብቅ በርካታ ሱቆች ተዘግተው ነበር። ያኔ ቸርቻሪዎች «ደረሰኝ የማይሰጡን እኮ አስመጪዎቹና ጅምላ ሻጮቹ ናቸው» ብለው ነበር። ይህን አቤቱታ ያዳመጠ ሰው ምን ሰማበት? ግብር የመሸሽ ሰበብ ብቻ? የእኛ ቸርቻሪ ብትናገረው ኖሮስ ከ220 ብሩ ውስጥ የትኛው ብር ሰበብ ይሆን ነበር?

ኦዲተሩ ደሴ ሲመጣ የሚያየው ሙሉ በሙሉ የተስተካከለ ሰነድ ነው። ሃያ ፍሬ ገብቷል፣ ሃያ ፍሬ ተሽጧል። የባንክ ዝውውሩም 23,000 ብር፣ ልክ በደረሰኙ መጠን ነው። የማይገጥመው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በ1,000 የተገዛ ብርድ ልብስ በ2,100 መሸጡ፣ ማለትም 110 በመቶ ትርፍ። «ይህን ሁሉ አትርፈሽ የት አደረስሽው?» ብሎ ይጠይቃታል። በእጅ ለሰጠችው 17,000 ብር ማስረጃ የላትም፤ ሰጥቻለሁ ብትል ደግሞ ያለ ደረሰኝ ገዝቻለሁ ብላ በራሷ ላይ መመስከሯ ነው።

ግን በዚያው ደረሰኝ ራስጌ ላይ የሻጩ ስም፣ አድራሻና የቲን ቁጥር ታትሟል። ኦዲተሩ ያንን ቁጥር ይዞ የዚያኑ ሳምንት የሌሎች ገዢዎችን ደረሰኞች ቢያወጣ፣ ሁሉም ብርድ ልብስ በ1,150 ተቆርጦ መርካቶ ውስጥ ግን በ1,150 ብርድ ልብስ የሚሸጥ አንድም ሰው እንደሌለ ለማየት ምን ያግደዋል? ጥያቄውን ደሴ ላይ የሚያቆመውስ ምንድን ነው?