«ሞተ» የሚለው ቃል የሐዘንተኛው ነው

ውድ ወላጆቻችን፣ ውድ ሽማግሎቻችን፤

ልጇን በድንገተኛ ሕመም ያጣች አንዲት እናት ቤት ለቅሶ ልንደርስ ሄድን። ሺቭዓ ላይ ተቀምጣለች። ከልጇ የሥራ ቦታ የመጣ የሐዘን ደብዳቤ አሳየችን፤ በዕብራይስጥ ተጽፎ ወደ አማርኛ የተተረጎመ ነው። «ልጅሽ በመሞቱ እናዝናለን» ይላል። የጻፉት ሰዎች ክፉ አላሰቡም። እሷ ግን ወረቀቱን አጥፋ ከትራሷ ሥር ከተተችና፣ «ሞተ የምለው እኮ እኔ ነኝ፤ እነሱ ለእኔ እንዴት እንዲህ ይሉኛል?» አለችን።

እኛ በልጅነታችን መጥተን፣ እዚህ ተምረን በማኅበራዊ አገልግሎት የምንሠራ ሰዎች ይህን ትምህርት ቤት አልተማርነውም። እናንተ ግን ታውቁታላችሁ። ለቅሶ ላይ «ሞተብኝ!» ብሎ የሚጮኸው ባለቤቱ ነው። ሊያጽናና የመጣው ሰው ቃሉን አይደግምለትም፤ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ብሎ ይቀመጣል። ደብዳቤም ለቅሶ ደራሽ ነው። ስለዚህ «ሞተ» የሚለውን ለሐዘንተኛው ይተውለት እንላለን።

ስህተቱ ከየት እንደሚመጣ እናውቃለን። ዕብራይስጡ «ኒፍጣር» ይላል። ይህ ቃል ሥሩ ከግዴታ መለቀቅ፣ ነጻ መባል ነው፤ ለዕብራይስጥ ተናጋሪ የለሰለሰ ቃል ነው። ተርጓሚው ግን ትርጉሙን ብቻ ይዞ «ሞተ» ብሎ ይጽፋል፣ ልስላሴው እዚያው ይቀራል። ሥሩን ተከትሎ «ተሰናበተ» ቢል ደግሞ ከሥራ የተባረረ ይመስላል። ለወታደርም እንዲሁ ነው። ዕብራይስጡ «ናፋል» ሲል አክብሮት ነው፤ ለአንዲት እናት በአማርኛ «ልጅሽ ወደቀ» ብንላት ግን ተነስቷል ወይ ብላ ትጠይቃለች። የእኛ ቃል «ተሰዋ» ነው።

ታዲያ የትኛውን ቃል እንጻፍ? ብዙ ሰው «አረፉ» ይላል፤ ደግ ቃል ነው። ነገር ግን ማረፍ ከድካም በኋላ ነው። ዕድሜ ጠግበው ለሄዱ አባት፣ ወይም በሽታ ለዓመታት ላሠቃያቸው እናት ልክ ነው። ሐዘንተኛውም «እውነት ነው፣ አረፉ» ብሎ ይቀበለዋል። የ20 ዓመት ልጅ በመኪና አደጋ ሲሄድ ግን እናቱ «ከምን አረፈ? መች ደከመና?» ብትል ምን እንመልሳለን? እዚያ ላይ «በሞት ተለየን» ወይም «ልጃችሁን በማጣታችሁ» ማለት ይሻላል። «በሞት ተለየን» ውስጥ ሞት አለ፣ ግን ቃሉ የሚያርፈው መለየቱ ላይ ነው። «ተለየን» ስንል ደግሞ እኛም አጥተነዋል ማለታችን ነው። «ሕይወቱ አለፈ» የሚለው ስህተት አይደለም፤ ነገር ግን የዜና ቃል ነው፣ ራዲዮ የሚናገር ይመስላል።

አንድ ሰው በገዛ እጁ ሲሄድ ደግሞ አሟሟቱን ደብዳቤ ላይ አናነሳም። «አረፈ»ም አንልም። በሐዘን የተጎዳ ወንድም ወይም እህት ያንን ቃል ሲያነብ ሞት የዕረፍት መንገድ ሊመስለው ይችላል። «በሞት ተለየን» ይበቃል።

ሆኖም ለስላሳ ቃል ሁሉ ጥሩ አይደለም። አያቱን ያጣ የ6 ዓመት ልጅ ነበር። ትልልቆቹ «አያትህ አረፉ» አሉት። የልጁ አማርኛ ትንሽ ነው፤ በልቡ ወደ ዕብራይስጥ መለሰውና «ሳባ ናሕ»፣ አያቴ ዕረፍት ላይ ነው ብሎ ገባው። በሦስተኛው ቀን፣ «ሳባ አርፎ ሲጨርስ ለሻባት ይመጣል?» ሲል ቤቱ ሁሉ ዝም አለ። ከእናቱ ጋር ተቀምጠን በግልጽ ነገርነው፦ «አያትህ ሞተዋል። ሰውነታቸው መሥራት አቁሟል፤ አይመለሱም። አንተ ግን ምንም አላጠፋህም።» አለቀሰ፤ ደግሞም ወጥቶ ተጫወተ። «አሸለቡ» ወይም «ተኙ» ማለት ደግሞ የባሰ ነው፤ ትንሽ ልጅ ማታ መተኛት ሊፈራ ይችላል። ስለዚህ ለትልቅ ሰው የሚለሰልስ ቃል ለልጅ ይከብዳል። ደብዳቤው የሚገባው ሁለት ቋንቋ ወዳለበት ቤት ከሆነ፣ ለልጆቹ ቀላልና ግልጽ መስመር በዕብራይስጥ ለብቻ ይጻፍላቸው።

ይህን እኛም በራሳችን አይተነዋል። በሱዳን መንገድ ያጣናቸውን ወገኖቻችንን፣ ወደ 4,000 እንደሚደርሱ የሚነገርላቸውን፣ ወላጆቻችን «ሞተ» አይሏቸውም ነበር። «ሱዳን ቀረ» ይሉ ነበር። ለእናንተ ያ ቃል መጽናኛ ነበረ፣ እናውቃለን። እኛ ሕፃናቱ ግን የቀረ ሰው ይመጣል ብለን የጠበቅን ነበርን። በር በተንኳኳ ቁጥር የሮጥን አለን። ዛሬ ለኢያር 28 መታሰቢያ ለእነዚህ ቤተሰቦች ስንጽፍ፣ የእናት አፍ ያለመደውን ቃል ልናርማት አንሄድም። እኛ በራሳችን ቃል ግን «ቀረ» አንልም፤ «በመንገድ ላይ በሞት የተለዩን» እንላለን።

አንድ ነገር ደግሞ ከመጻፍ በፊት አለ፦ መርዶው ተነግሯል ወይ? በአገር ቤት መርዶ በሽማግሌ፣ ሰው ተሰብስቦ ነበር የሚነገረው። ዛሬ ስልክ ይቀድማል። ጎንደር ያለ ወንድም ሲያርፍ እዚህ ያሉት ልጆች ሰምተው፣ እናታቸው ሳትሰማ ለሽማግሌ ቀጠሮ ይይዛሉ። በዚያ መሃል ደብዳቤ ወይም የዋትሳፕ መልእክት ቢገባ፣ ቃሉ ምን ቢለሰልስ መርዶ ነጋሪ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ለአንድ የቤቱ ልጅ ደውለን «ለእማማ ተነገራቸው?» ብለን እንጠይቅ።

ያቺ እናት የተቀበለችውን ደብዳቤ እኛ ብንጽፈው እንዲህ ይሆን ነበር፦

«ውድ እናታችን፤ አብሮን ይሠራ የነበረው ልጅሽ በድንገት በሞት ስለተለየን ሐዘናችን ከባድ ነው። ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ ይገባ ነበር፤ ቡናም ለሁላችን ያፈላልን ነበር። ወንበሩን ስናይ እናስታውሰዋለን። በሐሙስ ቀን ልንጠይቅሽ እንመጣለን። እግዚአብሔር ያጥናሽ።»

ስለ ሞቱ የሚናገር አንድ ቃል ብቻ አለ፤ «በሞት ተለየን» የሚለው። ከዚያ በኋላ ያለው ስለ ኑሮው ነው። አንዳንድ ሰው ግን «ያረፉት፣ ያለፉት፣ ያሸለቡት» እያለ በየመስመሩ ቃል ይቀያይራል፤ ያ ለሐዘንተኛው አንዱን መርዶ አራት ጊዜ መንገር ነው።

ልጆቻችሁ በዕብራይስጥ ጽፈው «እማዬ፣ ይህን በአማርኛ እንዴት ነው የሚባለው?» ሲሏችሁ፣ «እንዳለ ተርጉሙት» አትበሉ። ሟቹ ማን ነበር፣ እንዴት ሄደ፣ ማን ያነበዋል ብላችሁ ጠይቋቸው። ቃሉን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ክፉ አያሰማን።