ለበቀቀን «ጫሞ» የሚል ስም?

ሲቀላ ያለው ጎረቤቴ በቀቀኑን በሐይቁ ስም «ጫሞ» ብሎ ሰየማት። ወራት አለፉ፤ ወፏ ግን «ኣኦ» ከማለት አላለፈችም። «ደደብ ናት፣ ለሰው ልስጣት» ይላል። እኔ ደግሞ ጥፋቱ የስሙ ነው ባይ ነኝ።

በቀቀን ከንፈር የላትም፤ ድምፁ ከደረቷ ውስጥ ይወጣል፣ ምላሷ ይቀርጸዋል። እኛ ከንፈር ገጥመን የምንላቸው ም፣ ብ እና ፕ ስለዚህ ይከብዷታል። አይቻልም ማለት ግን አይደለም፤ አይሪን ፔፐርበርግ ያሠለጠነችው አሌክስ ወረቀትን በእንግሊዝኛ «ፔፐር» ይል ነበር።

ደግሞስ «ኣኦ» ምንድን ነው? የ«ጫሞ» አናባቢዎች አይደሉም እንዴ! ዜማውን ይዛዋለች፤ የቀራት ተነባቢው ነው። ጋሼ፣ ከመስጠትዎ በፊት እስቲ «ኪኪ» ይበሏት፤ ምግብ በሰጧት ቁጥር፣ ሁልጊዜ በአንድ ዜማ።